ቀብድ በስልክ፣ በካርድ ወይስ በክሪፕቶ? ከመላክ በፊት የመመለሻውን መንገድ ማወቅ

የበጋ መስኖ ሥራ ሲቃረብ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የመርጫ መሣሪያና ምርጥ ዘር የሚፈልገው ሰው ይበዛል። ሻጩ ብዙ ጊዜ በሌላ ከተማ ያለ ነጋዴ ነው። ገዥና ሻጭ በስልክ ተነጋግረው ዋጋውን ይስማማሉ፤ ከዚያም ሻጩ «ዕቃው ለሌላ እንዳይሸጥብህ ቀብድ ላክ» ይላል። ቀድሞ ቀብድ በእማኞች ፊት ከእጅ ወደ እጅ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን ገዥው የሻጩን ፊት እንኳ ሳያይ በስልክ፣ በባንክ ካርድ፣ አንዳንድ ጊዜም በክሪፕቶከረንሲ እንዲከፍል ይጠየቃል።

ከፋዩ አስቀድሞ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የትኛው መንገድ ርካሽ ነው? የትኛውስ ይፈጥናል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በመንገዶቹ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ያለው በአገልግሎት ክፍያው ወይም በፍጥነቱ ላይ ሳይሆን በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው፦ ዕቃው ሳይመጣ ቢቀር ገንዘቡን የማስመለስ ሥልጣን ያለው ማን ነው? መልሱ እንደ መክፈያው ዓይነት ይለያያል። በአንድ መክፈያ ውስጥ እንኳ ከፋዩ በመረጠው የአከፋፈል ስልት ሊለወጥ ይችላል።

ሕጉ ስለ ቀብድ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለ ቀብድ ይደነግጋል። በነዚህ አንቀጾች መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ማፍረስ ቢፈልግ የሰጠውን ይለቃል። የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ሕጉ ለገዥው የሰጠው ጥበቃ ጠንካራ ነው። ሆኖም በዚህ ጥበቃ ለመጠቀም ገዥው ሁለት ነገሮችን ማስረዳት ይኖርበታል። አንደኛው ገንዘቡን የተቀበለው ማን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ ለምን ዓላማ እንደ ተሰጠ ነው። ገንዘቡ በእማኝ ፊት ሲሰጥ ሁለቱንም እማኞቹ ይናገራሉ። ከሩቅ ሲላክ ግን ምስክሩ የክፍያው መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈያ መምረጥ ማለት ምስክር መምረጥ ማለት ጭምር ነው።

ለማነጻጸር የሚረዳ ምሳሌ

በመርዓዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ አርሶ አደር በአዲስ አበባ ካለ ነጋዴ የውኃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ተስማማ እንበል። የሞተሩ ዋጋ 48 ሺህ ብር ነው፤ የተጠየቀው ቀብድ ደግሞ የዋጋው ሩብ፣ ማለትም 12 ሺህ ብር። ሞተሩ በ10 ቀን ውስጥ በጭነት መኪና እንዲደርስ ተነጋግረዋል። ነጋዴው ቀብዱን በሞባይል ገንዘብ፣ በባንክ ወይም «ዲጂታል ዶላር» በሚለው ክሪፕቶ መቀበል እንደሚችል ገልጿል። እነዚህ አኃዞች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። የአገልግሎት ክፍያ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ትክክለኛው መጠን ክፍያው ከመጽደቁ በፊት በስልኩ ገጽ ላይ የሚታየው ወይም በቅርንጫፍ የሚነገረው ነው።

የሞባይል ገንዘብ፦ አንድ ቤት፣ ሁለት በሮች

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሥራ ጀምረዋል። ከባንክ ርቆ ለሚኖር ሰው ዋናው ጥቅማቸው ዘመናዊ ስልክም ሆነ ኢንተርኔት ሳይኖር መጠቀም መቻሉ ነው። ቴሌብር ለምሳሌ በማንኛውም ስልክ *127# በመደወል ይከፈታል። ገንዘቡም በሰከንዶች ውስጥ ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል።

ብዙ ተጠቃሚ ልብ የማይለው ነገር ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የክፍያ በሮች መኖራቸው ነው። አንዱ «ገንዘብ ላክ» የሚለው ከሰው ወደ ሰው የሚደረግ ዝውውር ነው። ሌላው «ለነጋዴ ክፈል» የሚለው ሲሆን፣ ተቀባዩ በንግድ ስሙ ተመዝግቦ የራሱ መለያ ቁጥር ወይም የሚቃኝ ኮድ ሲኖረው የሚሠራ ነው። ገንዘቡ በሁለቱም በሮች እኩል ይፈጥናል። ልዩነቱ የሚታወቀው ችግር ሲመጣ ነው።

ከሰው ወደ ሰው በሚደረገው ዝውውር፣ መዝገቡ «እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል ላከ» ከማለት አያልፍም። ይህ ስጦታም፣ የብድር መልስም፣ ቀብድም ሊሆን ይችላል። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ገንዘቡ ለሞተር ይሁን ለሠርግ መዋጮ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተቀባዩ ካልፈቀደ ወይም ሥልጣን ካለው አካል ትእዛዝ ካልመጣ፣ ድርጅቱ ከአንድ ደንበኛ ሂሳብ አውጥቶ ለሌላው አይመልስም። ለነጋዴ በሚከፈለው በር ግን ተቀባዩ ንግዱን አስመዝግቦ ሂሳብ የከፈተ ሰው ነው። ክፍያው እንደ ሽያጭ ይመዘገባል፤ በከፋዩ ስልክ ላይም የንግዱ ስም ይታያል። ይህ ገንዘቡን በራሱ ባይመልስም «ማን ተቀበለ?» እና «ለምን ተቀበለ?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ከፊል መልስ ይሰጣል።

በአንጻሩ ሱቅ አለኝ የሚል ሻጭ በንግዱ መለያ ሳይሆን በግል ስልክ ቁጥር፣ ይልቁንም በሌላ ሦስተኛ ሰው ስም በተመዘገበ ቁጥር እንዲላክለት ቢጠይቅ፣ ገዥው ቆም ብሎ ምክንያቱን ሊጠይቅ ይገባል። «የወንድሜ ቁጥር ነው» የሚለው ምላሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ነገሩ ክርክር ላይ ሲደርስ ገዥው የተዋዋለው ከአንድ ሰው፣ የከፈለው ደግሞ ለሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

በዚህ መክፈያ በብዛት የሚያጋጥሙ ችግሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የስልክ ቁጥር መሳሳት ነው። ሚስጥር ቁጥር ከማስገባት በፊት የተቀባዩ ስም ሲወጣ ማንበብና ከሻጩ ስም ጋር ማመሳከር አብዛኛውን ስሕተት ያስቀራል። ስሕተቱ ከተፈጸመ ለአገልግሎት ሰጪው ወዲያው ማመልከት ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ በተቀባዩ ሂሳብ ውስጥ እስካለ ድረስ የማስመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ተቀባዩ በጥሬ ካወጣው በኋላ ግን ይጠብባል። ያልተገባውን ገንዘብ የተቀበለ ሰው መመለስ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2164 ይደነግጋል፤ እንቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሁለተኛው ችግር ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚደርሰው ነው። ላኪው ሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ምላሽ ሳያገኝ ይቀርና «አልሄደም» ብሎ ደግሞ ይልካል። ከቆይታ በኋላ ሁለቱም ዝውውሮች ተፈጽመው ይገኛሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንደገና ከመላክ በፊት ቀሪ ሂሳብን ማየት። ቀሪ ሂሳቡ ከቀነሰ ገንዘቡ ወጥቷልና መጠበቅ፣ ካልቀነሰም ጥቂት ቆይቶ የቅርብ ጊዜ ዝውውሮችን ዝርዝር አይቶ ደግሞ መሞከር ይገባል።

ባንክና ካርድ፦ ካርዱ አንድ፣ መብቱ ግን የተለያየ

«በባንክ ክፈል» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። የአገልግሎት ክፍያቸውም፣ ፍጥነታቸውም፣ የክርክር መብታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ማስተላለፍ ነው። በአንድ ባንክ ውስጥ ሲሆን ወዲያው ይደርሳል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ *889# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ማስተላለፍ ይችላል። ወደ ሌላ ባንክ ሲሆን ዝውውሩ ባንኮችን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፣ አልፎ አልፎም ይዘገያል። ከክርክር አንጻር ሲታይ ይህ ዝውውር ከሰው ወደ ሰው ከሚላክ የሞባይል ገንዘብ ብዙም አይለይም። ገንዘቡ አንዴ ከደረሰ ባንኩ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለ ትእዛዝ አይመልሰውም። የተሻለ የሚያደርገው አንድ ነገር «ምክንያት» የሚል የመጻፊያ ቦታ መኖሩ ነው። በዚያ ቦታ «ለውኃ ሞተር ቀብድ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም፤ ባዶውን ከተተወ ደረሰኝ ግን እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው በኤቲኤም ካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ በሻጩ ሂሳብ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ይህን «በካርድ ከፈልሁ» ይለዋል፤ ሆኖም ካርዱ ያገለገለው ገንዘቡን ከራስ ሂሳብ ለማውጣት ብቻ ነው። ከሻጩ ጋር የተደረገው ግንኙነት የጥሬ ገንዘብ ገቢ ስለ ሆነ ካርዱ ምንም ዓይነት የክርክር መብት አያስገኝም። ኤቲኤሙ ገንዘብ ሳይሰጥ ሂሳብ ቢቀንስ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆን እንኳ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያልወጣውን መጠን ይዞ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ማመልከት ይገባል።

ሦስተኛው ካርዱን በሻጩ ፖስ ማሽን ወይም በኢንተርኔት መገበያያ ገጽ ላይ ተጠቅሞ ዕቃውን በቀጥታ መግዛት ነው። እውነተኛው የካርድ ክፍያ ይህ ነው። እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉ ዓለም አቀፍ ካርዶች «ቻርጅባክ» የሚባል የክርክር ሥርዓት አላቸው። ዕቃው ካልደረሰ ካርድ ያዡ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ያመለክታል፤ ባንኩ የሻጩን ባንክ ይጠይቃል፤ ሻጩም ዕቃውን ማድረሱን በሰነድ እንዲያስረዳ ይደረጋል። ማስረዳት ካልቻለ ገንዘቡ ከሻጩ ወገን ተወስዶ ለገዥው ይመለሳል። በዚህ ሥርዓት የማስረዳቱ ሸክም በአብዛኛው ወደ ሻጩ ያዘነብላል። ሌሎቹ መንገዶች ይህ የላቸውም።

ይህ መብት የጊዜ ገደብ አለው። በሁለቱ የካርድ ድርጅቶች ደንብ ለአብዛኛው ክርክር የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ሲሆን፣ ዕቃ ላልደረሰበት ጉዳይ ቀኑ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ዕለት ጀምሮ ሊቆጠር ይችላል። «ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል» እያለ ወራት የሚያሳልፍ ሻጭ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ይህን ጊዜ እየበላ ነው። ሂደቱ ራሱም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ካርድ በክፍያ ፈጣን፣ በክርክር ግን ዘገምተኛ ነው።

አርሶ አደሩ ዓለም አቀፍ ካርድ ላይኖረው ይችላል። በውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለው ግን ነገሩ ይነካዋል። በአሜሪካ የምትኖር እኅት ለወንድሟ ሞተር ልትገዛለት ብትፈልግና ሻጩ ካርድ የሚቀበል ቢሆን፣ በቀጥታ በክሬዲት ካርዷ ብትከፍል የክርክር መብቱ የእርሷ ነው፤ የአሜሪካ ሕግም የሂሳብ መግለጫው ከተላከላት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታመለክት ይፈቅድላታል። ያንኑ ገንዘብ በሐዋላ ለወንድሟ ልካለት እርሱ ለሻጩ ቢያስተላልፍ ግን ሐዋላው በትክክል ስለ ደረሰ የምትከራከርበት ነገር አይኖርም። ሞተሩ አለመምጣቱ ሐዋላ አስተላላፊውን አይመለከተውም።

በሀገር ውስጥ በብር የሚሠሩ የባንክ ካርዶችን በተመለከተ፣ የክርክሩ አካሄድ ካርዱን የሰጠው ባንክ በሚከተለው ደንብ ይወሰናል። በፖስ ማሽን ቀብድ ከመክፈል በፊት «ዕቃው ባይደርስ አቤቱታ የማቀርበው በስንት ቀን ውስጥ ነው?» ብሎ ባንኩን መጠየቅ ይጠቅማል። የሚሰጠውን የወረቀት ደረሰኝም መያዝ ይገባል። ይህ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ጽሑፉ በጊዜ ይጠፋል፤ በዕለቱ ፎቶግራፍ ማንሣት ያድነዋል።

ክሪፕቶ፦ ዳኛ የሌለው መንገድ

ሻጩ «ዲጂታል ዶላር» ያለው ብዙ ጊዜ ዩኤስዲቲ የሚባለው፣ ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ የተሠራ ክሪፕቶከረንሲ ነው። ደጋፊዎቹ ርካሽና ፈጣን ነው ይሉታል። ሁለቱንም አባባሎች በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ከፍጥነት አንጻር አባባሉ ከፊል እውነት አለው። በቢትኮይን መረብ አዲስ መዝገብ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይጨመራል፤ ተቀባዩም በልማድ ስድስት ማረጋገጫ ስለሚጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዩኤስዲቲ በሚዘዋወርባቸው አንዳንድ መረቦች ላይ ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህ ሞባይል ገንዘብ በሰከንዶች ከሚሠራው አይፈጥንም።

ወጪውን በተመለከተ ደግሞ የሚነገረው የመረቡ ክፍያ ብቻ ነው። አርሶ አደሩ በእጁ ያለው ብር ነው፤ መጀመሪያ ብሩን ከፍሎ ዩኤስዲቲ ከሆነ ሰው መግዛት አለበት። ነጋዴውም የደረሰውን መልሶ ወደ ብር መለወጥ አለበት። በእያንዳንዱ ልውውጥ ላይ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት አለ። ልዩነቱ በየጊዜው 2 በመቶ ቢሆን፣ ከ12 ሺህ ብር ላይ አስቀድሞ 240 ብር ይነሣል፤ በሁለተኛው ልውውጥ ከቀሪው 11,760 ብር ላይ 235 ብር ያህል ይቀነሳል። ድምሩ 475 ብር ገደማ ይሆናል፤ የመረቡ ክፍያ ገና አልታከለበትም። ከዚህም በላይ፣ ዩኤስዲቲውን ለመግዛት ለማይታወቅ ሰው በባንክ ወይም በስልክ ብር መላክ ያስፈልጋል። ማለትም ገዥው ሊያመልጠው የፈለገውን አደጋ አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ይገባበታል። ያ ሰው በማጭበርበር የሚፈለግ ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር የተለዋወጠው ሁሉ ሂሳቡ ታግዶ እስኪጣራ ሊጉላላ ይችላል።

ክርክርን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። በመረቡ ላይ የተረጋገጠ ዝውውርን ወደ ኋላ የሚመልስ ሠራተኛም ሆነ ቅርንጫፍ የለም። ሥርዓቱ የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። የተቀባዩ አድራሻ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር እንጂ ስም አይደለም። አድራሻው በአንድ ፊደል ቢሳት ወይም መረቡ ቢምታታ፣ ለምሳሌ በትሮን መረብ ላይ የሚሠራው በ T የሚጀምር አድራሻና በኢቴሪየም መረብ ላይ የሚሠራው በ 0x የሚጀምር አድራሻ ቢደበላለቁ፣ ገንዘቡ ሊጠፋ ይችላል። «ማን ተቀበለ?» ለሚለው ጥያቄም መዝገቡ የሚሰጠው ያንኑ የፊደል ድርድር ነው።

ከሁሉ በላይ የሕጉ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ባወጣው ማስጠንቀቂያ የኢትዮጵያ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ ምናባዊ ገንዘብን ለክፍያ ማዋልም ያልተፈቀደና ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ገዝተው ቢትኮይን የሚያመርቱ ድርጅቶች መኖራቸው አንዳንዱን ሰው ያሳስተዋል። ለማምረት ኃይል መሸጥ ሌላ፣ በክሪፕቶ መገበያየትን መፍቀድ ሌላ ነው። ስለዚህ በክሪፕቶ ቀብድ የከፈለ ገዥ ወደ ፖሊስ ሲሄድ ስለ ተበዳይነቱ ከመናገሩ በፊት ስለ ራሱ ክፍያ ሕጋዊነት ሊጠየቅ ይችላል። ለሞተር ገዥው አርሶ አደር ይህ መንገድ በምንም መለኪያ የሚመረጥ አይደለም።

12 ሺህ ብሩ በየመንገዱ ሲታይ

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስ። በሞባይል ገንዘብ ወይም በባንክ ዝውውር የሚጠየቀው የአገልግሎት ክፍያ 20 ብር ቢሆን፣ በሌላው ደግሞ 5 ብር ቢሆን፣ ልዩነቱ 15 ብር ነው። አደጋ ላይ ያለው ግን 12 ሺህ ብር ነው። 15 ብር ለማትረፍ ሲባል ምስክር የሌለውን በር መምረጥ የሚያዋጣ ስሌት አይደለም።

አርሶ አደሩ ሊከተለው የሚችለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ነጋዴውን የንግድ ፈቃዱን ፎቶግራፍ እንዲልክና በንግድ ስሙ የተመዘገበ የመክፈያ መለያ ወይም የባንክ ሂሳብ እንዲሰጠው ይጠይቃል። በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና በስልኩ ገጽ ላይ የሚወጣው ስም መመሳሰል አለባቸው። ካልተመሳሰሉ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ምክንያቱ ይጣራል።

ቀጥሎ፣ ገንዘቡን ከመላኩ አስቀድሞ፣ ለነጋዴው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሞዴሉ ይህ የሆነ የውኃ ሞተር በ48,000 ብር ለመግዛት ተስማምተናል። ዛሬ 12,000 ብር ቀብድ እልካለሁ። ሞተሩ በ10 ቀን ውስጥ መርዓዊ ይደርሳል። ቀሪውን ሞተሩን አይቼ እከፍላለሁ። ይስማማሉ?» ነጋዴው «እስማማለሁ» ብሎ ሲመልስ፣ ቀብዱ ለምን እንደ ተሰጠ የሚናገር ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል መጻፉ ትርጉም አለው። «ቅድሚያ ክፍያ» ወይም «ለዕቃ» ብቻ ከተባለ፣ እጥፍ ይመለስልኝ የሚለው ጥያቄ ተጨማሪ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

ከዚያም የሚቻል ከሆነ በ«ለነጋዴ ክፈል» በር፣ ካልሆነም ምክንያቱን በመጻፍ በባንክ ዝውውር ይከፍላል። የደረሰውን መልእክት አይሰርዝም፤ በውስጡ ያለውን የግብይት መለያ ቁጥርም በወረቀት ይገለብጣል። ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ መልእክቱ አብሮ ይጠፋልና።

10 ቀን አልፎ ሞተሩ ባይመጣ፣ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ነጋዴው ተገኝቶ «ዋጋ ስለ ጨመረ ለሌላ ሸጥሁት» ካለ ውሉን ያፈረሰው እርሱ ነው። በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ አርሶ አደሩ በአንቀጽ 1885 መሠረት 24 ሺህ ብር ሊጠይቅ ይችላል። በአንጻሩ አርሶ አደሩ ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ቢተው 12 ሺህ ብሩን ይለቃል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው፤ ቀብድ ሁለቱንም ወገን ያስራልና።

ነጋዴው ስልኩን ዘግቶ ከጠፋ ግን ይህ ውል ማፍረስ ብቻ ሳይሆን የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ያስቀጣል። በዚህ ጊዜ በዚያኑ ዕለት ሁለት ቦታ ማመልከት ያስፈልጋል። አንደኛው ገንዘቡ የተላከበት ድርጅት ወይም ባንክ ነው፤ የግብይት መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ መጠኑንና የተቀባዩን ቁጥር በጽሑፍ አቅርቦ የአቤቱታ ቁጥር መቀበል ይገባል። ሁለተኛው ፖሊስ ነው፤ የተቀባዩን ሂሳብ ለማሳገድና ማንነቱን ለማወቅ የሚያስችለው ሕጋዊ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የፋይናንስ ተቋሙ አቤቱታውን በአግባቡ ካላስተናገደ ወደ ብሔራዊ ባንክ መውሰድ ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ የሚያየው ግን የተቋሙን አገልግሎት እንጂ የሻጩን ዕዳ አይደለም፤ የሻጩ ዕዳ የሚታየው በፍርድ ቤት ነው።

ከነዚህ ቀናት በኋላ የሚደውል ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችልም ማሰብ ይገባል። «ከድርጅቱ ነው፣ ገንዘብዎን ልንመልስ ነው፣ ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ጥሪ ሁለተኛው ዘረፋ ነው። ገንዘብ ለመመለስ የተቀባዩን ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ አሠራር የለም።

ለሻጩም የሚሆን ነገር

ሁሉም ገዥ አይደለም። ያው አርሶ አደር ሽንኩርቱ ሲደርስ ቀብድ ተቀባይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ደላላው «ልኬያለሁ፣ መልእክቱን እይ» ሲለው፣ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሂሳቡን ማየት አለበት። የክፍያ መልእክት አስመስሎ ከማንኛውም ስልክ መጻፍ ይቻላል፤ ከሌላ ሰው ስልክ የተነሣ የደረሰኝ ምስልም ሊቀየር ይችላል። ሂሳቡ ውስጥ ያልታየ ገንዘብ ገና አልገባም። ሽንኩርቱም ከማሳው መጫን ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።

«በስሕተት ወደ አንተ ልኬአለሁ፣ በዚህ ሌላ ቁጥር መልስልኝ» የሚል ጥሪም ያጋጥማል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ የራስ አይደለምና መመለስ አለበት። ነገር ግን የሚመለሰው ወደ ሌላ ቁጥር ሳይሆን፣ ለአገልግሎት ሰጪው በማሳወቅ ወደ መጣበት ሂሳብ ነው። ወደ ሌላ ቁጥር የመለሰ ሰው፣ እውነተኛው ላኪ ሲያመለክት ደግሞ እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

ነጋዴው በንግድ ስሙ የሚከፈልበት መንገድ የለኝም ካለ፣ የጽሑፍ መልእክቱንም ሊመልስ ካልፈቀደ፣ ገዥው ሌላ አማራጭ አለው። የቀብዱን መጠን ሊጠፋ ቢችል እንኳ የማይጎዳው ያህል አሳንሶ መስጠት ወይም በከተማው ያለ የሚያምነው ሰው ሞተሩን በዓይኑ አይቶ እንዲከፍልለት ማድረግ ይችላል። ሁለቱንም የማይቀበል ሻጭ ከሆነ፣ ቀብዱን ሳይልኩ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።